ዕዳዬን መልሱልኝ

ጋሼ የሻው ቢሮዬ የገቡት ረቡዕ ከቀትር በኋላ፣ የወሩ ሂሳብ መዝጊያ ደርሶ ራሴን የማክበት ጊዜ ባጣሁበት ሰዓት ነው። እስራኤል አገር፣ አፉላ ከተማ ኢንዱስትሪ ቀጠና ውስጥ ዱቄት፣ ጥራጥሬ፣ ዘይትና ቅመም በጅምላ የሚያከፋፍል መጋዘን አለን። "አለን" የምለው ከልማድ ነው እንጂ የኔ ድርሻ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ኮምፒውተርና የደንበኞች ሂሳብ ነው። ባለቤቱ ኤላድ ነው። መጋዘኑን ከአባቱ ወረሰ፤ የአባቱን ትዕግሥት ግን አልወረሰም።

"እንደምን ዋልሽ፣ ሐረግ ልጄ?" አሉ ጋሼ የሻው በሩ ላይ ቆመው። የፋብሪካ ልብሳቸውን አላወለቁም፤ ከፈረቃ በቀጥታ መምጣታቸው ነው። በግራ እጃቸው አንድ ወፈር ያለ ፖስታ ይዘዋል።

ደነገጥኩ ማለት እችላለሁ። ጋሼ የሻው የመጋዘናችንን ደጅ ከረገጡ ዓመታት አልፈዋል። መንገድ ላይ ካዩኝ እንኳ አንገታቸውን ደፍተው ወደ ማዶ ይሻገሩ ነበር። ድሮ እንዲህ አልነበሩም። ጊቫት ሃሞሬ ሰፈር ትንሽ ሱቅ ነበረቻቸው፤ ዕቃ የሚወስዱት ከኛ በዱቤ ነው፣ የሚከፍሉትም በቀኑ ነው፣ ሲመጡም ሳያስቁን አይሄዱም። ከዚያ ኮሮና መጣ። ሱቋ ስትዘጋ ከኛ የወሰዱበት የአሥራ አራት ሺህ ስድስት መቶ ሸቀል ዕዳ አብሮ ተዘጋባት።

የኤላድ አባት ነፍሳቸውን ይማርና ሰው የሚከሱ አልነበሩም። ጠበቁ፣ ጠበቁ፣ በመጨረሻ "አይሆንም፣ ሰርዢው" አሉኝ፤ ሰረዝኩት።

እዚህ ላይ የሥራዬን ነገር ጥቂት ልናገር፤ ካልተናገርኩ የሆነው ነገር አይገባም። ነጋዴ በዱቤ ከሸጠ ሁሉም እንደማይከፍለው ያውቃል። ስለዚህ በየዓመቱ መጨረሻ "ይህን ያህሉ ላይሰበሰብ ይችላል" ብለን መጠባበቂያ እንይዛለን። ከአንድ ደንበኛ ተስፋ ስንቆርጥ ዕዳውን በዚያ መጠባበቂያ እናወራርድና ከስሙ ላይ እናነሳዋለን። ካርዱ ዜሮ ይላል። አናቱ ላይ ግን "ሆቭ አቩድ"፣ የጠፋ ዕዳ የሚል ቀይ ምልክት ይቀመጣል። ይህ ምሕረት አይደለም። ሰውየው እንደተበደረ ነው፤ እኛ ነን መጠበቅ የተውነው። ለዚህም ነው ለባለዕዳው የማይነገረው።

ማንም ሳይነግራቸው ይቀር ነበር፣ ምንይችል ባይኖር። ምንይችል የጭነት መኪናችን ሾፌር ነው፤ ዱቄት ያደርሳል፣ ወሬም ያደርሳል፣ ለወሬው ደግሞ የማድረሻ አያስከፍልም። አንድ ሠርግ ላይ ሰው በተሰበሰበበት "ጋሼ የሻው፣ እንኳን ደስ አለዎት፣ ዕዳዎ ተሰርዟል" አላቸው። ሰውየው ያን ቀን ምግቡን ሳይጨርሱ ተነሥተው ሄዱ ይባላል።

"ልከፍል ነው የመጣሁ" አሉኝ አሁን።

"እሰይ" ብዬ እጄን ወደ ፖስታው ዘረጋሁ።

ፖስታውን ወደ ደረታቸው ሳቡት። "ቆይ። መጀመሪያ ዕዳዬን መልሱልኝ።"

"ምን አሉ?"

"ሰርዛችሁታል አሉ። እኔ ሰርዙልኝ አላልኳችሁም። ዛሬ ስሜ ላይ ምንም ሳይኖር ይህን ገንዘብ ባስቀምጥላችሁ ምንድን ነው? ምጽዋት ነው። ኤላድ ደግሞ ምጽዋት አያሻውም፤ መኪናውን ደጅ ላይ አየኋት። የሌለብኝን አልከፍልም። አለበት ብለሽ ጻፊ፣ ከዚያ እከፍላለሁ።"

ሳቄ ሊያመልጠኝ ነበር። ፊታቸውን ሳይ ግን ዋጥኩት። ተቀመጡ ብዬ ወንበር ሰጠኋቸው፤ ፖስታውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ነገሩን ከሥሩ ነገሩኝ።

ልጃቸው ባትኤል በሚመጣው ሳምንት ሐሙስ ታገባለች። የባትኤል እናት ውዴ አንድ ወንድም ብቻ ነው ያላት፣ ጋሼ ፈንታ። ጋሼ ፈንታ አፉላ መሐል ከተማ ሱቅ አላቸው፤ የኛው ደንበኛ ናቸው። ጋሼ የሻው በዱቤ መውሰድ ሲጀምሩ ዋስ ሆነው የፈረሙት እሳቸው ነበሩ። አሁን ታዲያ ጋሼ ፈንታ "ሠርጉ ላይ አልገኝም" ብለዋል። ሽማግሌ ተላከ፣ አልሆነም። ውዴ አለቀሰች፣ አልሆነም። አጎቷ ሳይመርቃት ልጅቱ ልትዳር ነው።

"የተቀየመኝ በገንዘቡ አይደለም" አሉ ጋሼ የሻው። "በስሙ ነው። እናንተ ጋ ስሙን አስጠፋሁት።"

ይህን እኔም አውቃለሁ። የኤላድ አባት የማይከሱ ሰው ቢሆኑም ሕግ ነበራቸው፦ የተሰረዘ ዕዳ ዋስ የሆነ ሰው ከዚያ በኋላ ዱቤ አያገኝም። ኮምፒውተሩ ራሱ ይቆልፈዋል። ጋሼ ፈንታ መቆለፋቸውን የሰሙት ለበዓል ዋዜማ ያዘዙት ዕቃ ደጃቸው ደርሶ፣ ምንይችል ደንበኞቻቸው ፊት "በመዙማን ካልሆነ አላወርድም ብለዋል" ሲላቸው ነው። መዙማን ጥሬ ገንዘብ ነው። ያን ቀን ከጎረቤት ሱቅ ተበድረው ከፈሉ። ከዚያ ወዲህ ዘወትር በጥሬ ገንዘብ ይገዛሉ፤ ከጋሼ የሻው ጋር ግን ሰላም አይባባሉም።

"አለበት፣ ከፈለ የሚል ወረቀት እፈልጋለሁ" አሉ። "ሁለቱም ይጻፍ። ለፈንታ የማሳየው።"

ኤላድ ድምፅ ሰምቶ ከክፍሉ ብቅ አለ። በዕብራይስጥ ሁሉንም ነገርኩት። ሰምቶ ሳይጨርስ ትከሻውን ነቀነቀ።

"ምን አስቸገረሽ? ገንዘቡን ተቀበዪ፣ 'ልዩ ልዩ ገቢ' ብለሽ በአንድ መስመር አስገቢ፣ ደረሰኝ ስጪው፣ ይሂድ።"

"እንደዚያ ካደረግኩ ካርዳቸው ላይ ምንም አይታይም። ከፍለውም የጠፋ ዕዳ እንደሆኑ ይቀራሉ። ዋሳቸውም እንደተቆለፉ ይቀራሉ።"

"እሺ፣ ካርዱ ላይ አስገቢው።"

"ካርዱ ዜሮ ነው እኮ፣ ኤላድ። ዕዳ በሌለበት ካርድ ላይ ክፍያ ካስገባሁ እኛ ነን አሥራ አራት ሺህ ስድስት መቶ ያለብን የሚሆነው። በወሩ መጨረሻ 'ገንዘብህን መጥተህ ውሰድ' የሚል መግለጫ ይደርሳቸዋል።"

ይህ ገባው። ነጋዴ ነውና ያለብኝ የሚለው ቃል ቶሎ ይገባዋል። "ታክሱስ?" አለ። ያኔ አባቱ ተጨማሪ እሴት ታክሱን ከመንግሥት አላስመለሱም ነበርና አሁን የምንመልሰው እንደሌለ ነገርኩት። "ቤሴደር፣ እሺ፣ ቶሎ በዪ" ብሎ ወጣ።

ጋሼ የሻውን ወደ ኮምፒውተሩ ጠራኋቸው። የመሰረዣውን ጽሑፍ ገልብጬ መጻፍ ነው፤ ከባድ ሥራ አይደለም። ያኔ መጠባበቂያውን ቀንሼ ዕዳውን ከስማቸው አውጥቼ ነበር። አሁን ዕዳውን በስማቸው ዴቢት አድርጌ መጠባበቂያውን በዚያው ልክ መለስኩት። ገንዘቡ ገና አልገባም፤ እሱ ሁለተኛ መስመር ነው። ካርዱን ከፈትኩ። የድሮ ግዢዎቻቸው፣ የተሰረዘበት ቀን፣ ከዚያ ባዶ ዓመታት፣ ከዚያ የዛሬው ቀን፦ የተመለሰ ዕዳ፣ አሥራ አራት ሺህ ስድስት መቶ።

"ይኸው" አልኩ። "አለብዎት።"

መነጽራቸውን አውጥተው አዩት። ቁጥሩን በጣታቸው ተከተሉት። "አለብኝ" አሉና ተነፈሱ። በዚህ ሥራ ብዙ ሰው አይቻለሁ፤ ዕዳውን አይቶ ደስ ያለው ሰው ግን ያን ቀን ብቻ ነው ያየሁት።

ከዚያ ፖስታውን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡ። ከፈትኩት። እኔ የባንክ ቼክ ይሆናል ብዬ ነበር። በጎማ ላስቲክ የታሰረ የሁለት መቶና የመቶ ሸቀል ኖት ነው።

"ጋሼ፣ ይህ ከየት መጣ?"

"ዕቁብ ወጣልኝ" አሉ በኩራት። "የፋብሪካው ዕቁብ። ዛሬ ጠዋት ነው የሰጡኝ፤ ሌላ እጅ ሳይነካው ይዤው መጣሁ።"

ያን ጊዜ ወንበሬ ላይ ተደገፍኩ። በዚህ አገር ነጋዴ ይህን ያህል ገንዘብ በጥሬው እንዳይቀበል ሕግ ይከለክለዋል። ይህን የማያውቅ ባለሱቅ የለም፤ ጋሼ የሻው ግን ሱቃቸውን የዘጉት ሕጉ ከመጥበቁ በፊት ነው። ዕቁብተኛ ደግሞ ዕቁብ ሲደርሰው ባንክ ምን ሊያደርግ ይሄዳል? የሚሄደው ወደ ጉዳዩ ነው።

ነገርኳቸው። መጀመሪያ አላመኑኝም። "ገንዘብ ገንዘብ ነው እኮ" አሉ። ከዚያ ኤላድ ገብቶ እጁን ራሱ ላይ ጫነ። "አሁን ምን ሆነ? ጠዋት ዜሮ የነበረ ሰው አሁን አለበት፣ ገንዘብ ግን አልተቀበልንም። አውጪው፣ መስመሩን አውጪው። ሲከፍል ሁለቱንም አንድ ላይ ትጽፊያለሽ።"

እውነቱን ለመናገር ኤላድ አልተሳሳተም። የሚገባው ገንዘብ እርግጠኛ ሳይሆን ዕዳን ከመቃብር አያስነሡም። ጋሼ የሻው ግን ከመካከላችን ቆመው በዕብራይስጥ፣ በተሰባበረ ግን በማያጠራጥር ዕብራይስጥ፣ "አትንካው" አሉት። "ነገ ጠዋት ባንክ አስገብቼ ሀዓቫራ አደርግልሃለሁ። አንዴ መልሰህልኛል፣ ደግመህ አትቀማኝ።" ሀዓቫራ ከባንክ ወደ ባንክ ማስተላለፍ ነው።

ኤላድ አያቸው፣ እኔን አየኝ። "እስከ ነገ" አለ። "ነገ ወር መዝጊያ ነው። ከነገ አያልፍም።"

ጋሼ የሻው ፖስታቸውን ታቅፈው ወደ አውቶቡስ ፌርማታው ሄዱ። ባንክ በዚያ ሰዓት ዝግ ነው።

እኔም ኤላድም ያላሰብነው አንድ ነገር ነበር። ኤላድ አምና አዲስ ፕሮግራም ገዝቷል፤ ዋስ ባለው ደንበኛ ስም አዲስ ዕዳ በተመዘገበ ቁጥር ለዋሱ ስልክ መልእክት ይልካል። ከዚያ ወዲህ ዋስ ያለው ሰው በዱቤ ስላልወሰደ መልእክቱን አይተነው አናውቅም።

በማግስቱ ጠዋት ቢሮውን ስከፍት ጋሼ ፈንታ ደጅ ቆመው አገኘኋቸው። ረጅም፣ ቀጥ ያሉ፣ ሸሚዛቸው ሁልጊዜ የተተኮሰ ሰው ናቸው። ስልካቸውን ወደ ፊቴ ዘረጉት፦ "ዋስ በሆኑለት በየሻው ሂሳብ ላይ 14,600 ሸቀል ያልተከፈለ ዕዳ አለ።"

"ዕዳ ከሜዳ" አልኩ በሆዴ።

"ግቡ ጋሼ፣ ላስረዳዎ" ብዬ ጀመርኩ። አላስጨረሱኝም።

"ምንም አታስረጂኝ። ደስ ብሎኛል።" ወንበር ሳልሰጣቸው ተቀመጡ፤ ከኪሳቸው የቼክ ደብተር አወጡ። "ያኔ ብትጠይቁኝ እከፍል ነበር። ዋስ ነኝ፣ ፈርሜአለሁ። ማንም አልጠየቀኝም። ሰረዛችሁትና እኔን ከነውርደቴ ደጄ ላይ አቆማችሁኝ። ትናንት ማታ ለመጀመሪያ ጊዜ ተጠየቅሁ። ይኸው መልሴ።"

ቼኩን ጻፉ። ከደብተሩ ገንጥለው ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩት።

"ከዛሬ ጀምሮ ከየሻው ጋር ምንም የለንም" አሉ። "በዕዳም በዝምድናም።"

ይህን ቼክ ከመዘገብኩ ዕዳው ይዘጋል። ካርዱ ላይ ግን ለዘለዓለም "በዋሱ ተከፈለ" ይላል፤ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ጋሼ የሻው ከባንክ ሲመለሱ የሚከፍሉት ነገር አይኖርም። ዕቁባቸውን እንደታቀፉ፣ ሚስታቸውን ወንድም፣ ልጃቸውን አጎት አሳጥተው ይቀራሉ።

በዚህ መካከል ኤላድ ገባ። ቼኩን አየ፣ አነሣው፣ ፊቱ ፈካ። "ይኸው፣ አለቀ! ማን እንደከፈለው ለኛ ምን ገዶን? ጻፊ።"

"ጋሼ የሻው ባንክ ናቸው" አልኩ። "ጥቂት እንጠብቅ።"

"ቼክ በእጅሽ ይዘሽ ሀዓቫራ ትጠብቂያለሽ?" አለ። "የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች" እንዳይል ተረቱን አያውቀውም፤ በዕብራይስጥ ያንኑ የሚመስል ነገር አለ። እውነትም ደመወዝ የሚከፍለኝ እሱ ነው፤ ግን ተናደድኩ። ስልኬን አንሥቼ ጋሼ የሻው ጋ ደወልኩ።

"ሐረግ!" አሉ ከጫጫታ መሐል። "ይህችኛዋ ልጅ ገንዘቡ ከየት መጣ ትለኛለች። ዕቁብ ነው እላታለሁ፣ ዕቁብ ምንድን ነው ትለኛለች። አንድ ሰዓት ሙሉ ዕቁብ ሳስተምራት ቆየሁ።"

"አሁን የት ደረሰ?"

"ወረቀት አስፈርማኝ ለአለቃዋ ይዛ ገባች። ባለጌ አይደለችም፣ ግራ ሲገባት ታለቅሳለች ብዬ ፈርቼ ነበር። ለኤላድ አለብኝ በዪው። እየመጣሁ ነው በዪው።"

ስልኩ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይናገራልና ጋሼ ፈንታ ሁሉንም ሰሙ። ግንባራቸው ተቋጠረ።

"የት ነው ያለው?"

"ባንክ። ገንዘቡን ሊከፍሉ።"

"መልእክት ደርሶት ነው?"

"አይደለም፣ ጋሼ። እርስዎ የደረሰዎት መልእክት የመጣው በሳቸው ነው።" ኮምፒውተሩን ወደሳቸው አዞርኩ። "ትናንት ዕዳው ዜሮ ነበር። ማንም አልጠየቃቸውም። ራሳቸው መጥተው 'መጀመሪያ ዕዳዬን መልሱልኝ፣ የሌለብኝን አልከፍልም' አሉ። ለምን ቢባሉ 'ሁለቱም ይጻፍ፣ ለፈንታ የማሳየው' አሉ። ይህን መስመር የጻፍኩት ቆመው እያዩኝ ነው።"

ጋሼ ፈንታ መስመሩን አዩት። ለረጅም ጊዜ አዩት። የዕብራይስጥ ንባባቸው እንደኔ አይፈጥንም፤ ግን ቁጥርና ቀን ማንበብ ብዙ ሰዓት አይጠይቅም።

"ራሱ?" አሉ።

"ራሳቸው።"

"የተሰረዘለትን?"

"የተሰረዘላቸውን።"

ተነሡ። ኤላድ አጠገብ ሄደው በትሕትና "ሬጋ" አሉት፤ ቆይ ማለታቸው ነው። ቼካቸውንም ከእጁ ላይ ወሰዱ። ኤላድ አፉን ከፍቶ ቀረ። እሳቸው ቼኩን አጥፈው ሸሚዝ ኪሳቸው ከተቱና ተመልሰው ተቀመጡ። "እጠብቃለሁ" አሉ።

ጠበቅን። ኤላድ አሥር ጊዜ ወጣ ገባ አለ። እኔ ሌላ ሥራ የምሠራ መስዬ የባንካችንን ገጽ እያደስኩ አያለሁ። ባንካችንና የጋሼ የሻው ባንክ አንድ ስለሆነ ገንዘቡ እንደተላከ ይታያል። ጋሼ ፈንታ ውኃ ስሰጣቸው ራሳቸውን ነቅንቀው አመሰገኑኝ። ምን እንደሚያስቡ አላውቅም። ይቅር ይሉ ይሆናል ብዬ ተስፋ አደረግሁ፤ ሳያቸው ደግሞ ፊታቸው እንደተቋጠረ ነው፤ ተስፋዬን መለስኩት።

ገንዘቡ ገባ። አሥራ አራት ሺህ ስድስት መቶ፣ ከየሻው።

ሁለተኛውን መስመር ጻፍኩ። ባንኩን ዴቢት፣ የጋሼ የሻውን ካርድ ክሬዲት። ካርዱ ዜሮ ሆነ። የትናንትናው ጠዋት ዜሮና የዛሬው ዜሮ ለኮምፒውተሩ አንድ ናቸው፤ ለሚያነበው ሰው ግን የመጀመሪያው ያልከፈለ ሰው፣ ሁለተኛው የከፈለ ሰው ነው። ቀዩን ምልክት አነሣሁ። የጋሼ ፈንታን ካርድ ከፍቼ ቁልፉን ፈታሁ።

"ዱቤዎ ተከፍቷል" አልኳቸው።

"ዱቤ አልፈልግም" አሉ። "በመዙማን ለምጃለሁ።"

ጋሼ የሻው የገቡት ይህን ሲናገሩ ነው። ከፌርማታው ሮጠው መምጣታቸው ያስታውቃል፤ ላባቸው በአንገታቸው ይወርዳል። "ደረሰ ወይ?" ብለው በሩን ከፈቱና ጋሼ ፈንታን አዩ። እግራቸው እዚያው ቆመ።

የታተመውን የካርድ መግለጫ ሰጠኋቸው። አላነበቡትም። በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ ጋሼ ፈንታ ዘረጉት።

ጋሼ ፈንታ አልተቀበሉም። "አይቼዋለሁ" አሉ። "የኤላድን ከፍለሃል። የኔስ?"

"ምን ልክፈልህ?"

"ጀርባዬን ኦፕራሲዮን ሆኜ ሆስፒታል ስተኛ ሰው ሁሉ መጣ። አንተ አልመጣህም።"

ጋሼ የሻው ወረቀቱን ዝቅ አደረጉ። "አለብኝ" አሉ።

"ልጄ ከሠራዊት ሲወጣ ድግስ ጠራሁህ። ውዴን ብቻዋን ላክሃት።"

"አለብኝ።"

"እኔ ነኝ የተዋረድኩት፣ አንተ ነህ የሸሸኸው። አንድ ቀን መጥተህ 'አጥፍቻለሁ' ብትለኝ ዱቤው ጥንቅር ይል ነበር። ዓመት ሙሉ፣ ሌላ ዓመት ሙሉ፣ ደጄን እያየህ ታልፋለህ።"

"አለብኝ፣ ፈንታ። ሁሉም አለብኝ። አፍሬ ነው። አፍሬ እንጂ አልካድኩህም።"

ጋሼ የሻው ያለቅሱ ነበር፤ እኔም ዓይኔን ለመጥረግ ወደ ኮምፒውተሩ ዞርኩ። ኤላድ አማርኛ አይሰማም፤ ያም ሆኖ ጥሎን አልወጣም። ጋሼ ፈንታ ከንፈራቸውን ነከሱ፣ መሬት መሬት አዩ።

"መቼ ትከፍላለህ ታዲያ?" አሉ በመጨረሻ። ድምፃቸው እንደ መጀመሪያው አልነበረም።

"የሚመጣው ሐሙስ ማታ" አሉ ጋሼ የሻው። "ባትኤልን፣ ልጅህን ስድር። መጥተህ ከተቀበልከኝ።"

ጋሼ ፈንታ ወረቀቱን ከእጃቸው ወሰዱ፣ አጠፉት፣ ከቼኩ ጋር ሸሚዝ ኪሳቸው ከተቱት። የአማቻቸውን ክንድ ይዘው ወደ በሩ ገፋ አደረጓቸው።

"ዕዳ የሚሰበስብ ሰው ከሠርጉ ይቀራል እንዴ?" አሉ።